እግር ሲቀላና ሲያብጥ፤ ስለሚቆየውና ስለማይቆየው ሕመም

ከቤተ ሰብ አንዱ ማታ በደኅና ተኝቶ፤ ጧት ሲነሣ አንድ እግሩ ቀልቶ፤ ሞቆና አብጦ ቢገኝ፤ በቤት ያሉት ሁሉ ምክንያቱን ለመናገር ይሽቀዳደማሉ። አንዱ ምች ነው ይላል፤ ሌላው ወለምታ ነው ይላል፤ ሦስተኛው ሌሊት አንድ ነገር ነድፎት ይሆናል ይላል። በመጨረሻም «እስኪ እስከ ነገ እንየው» የሚለው ቃል ያሸንፋል። ይህ ቃል አንዳንድ ጊዜ ጉዳት የለውም፤ አንዳንድ ጊዜ ግን እግርን፤ ከዚያም አልፎ ሕይወትን ያስከፍላል። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ገጽ የምንጽፈው፤ ሐኪም እስኪያየው ጥቂት ሰዓት የሚታገሠው የትኛው እንደ ሆነ፤ በሌሊትም ቢሆን የማይታገሠው የትኛው እንደ ሆነ፤ የቤት ሰው በዓይኑና በእጁ ለይቶ እንዲያውቅ ነው።

ይህ ሕመም በሐኪሞች ዘንድ ሴሉላይቲስ ይባላል። የሚነሣውም በቆዳ ውስጠኛ ክፍልና ከቆዳ በታች ባለው ስብ ውስጥ ባክቴሪያ ገብቶ ሲራባ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያመጡት ስትሬፕቶኮከስና ስታፊሎኮከስ የተባሉት ናቸው። እነዚህ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን በጤነኛ ሰው ቆዳ፤ በአፍንጫውና በጉሮሮውም ላይ ምንም ሳይጎዱት ሊኖሩ ይችላሉ። ቆዳው ደኅና እንደ ሆነ መግቢያ የላቸውም፤ አንዲት ስንጥቅ ያገኙ እንደ ሆነ ግን በእርሷ ይገባሉ።

ሴሉላይቲስን ከብጉንጅ ለይቶ ማወቅ ይገባል። ብጉንጅ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ መግል ይቋጥራል፤ አፍ አውጥቶ ሲፈርጥ ወይም ሐኪም ሲከፍተው ይቀላል። ሴሉላይቲስ ግን ዘይት በጨርቅ ላይ እንደሚሰፋ በቆዳው ውስጥ ወደ ዳር ይሰፋል እንጂ በአንድ ቦታ አይከማችም። የተከማቸ መግል ስለሌለው ቢጨምቁት የሚወጣ ነገር የለም፤ ቢበጡትም ለሌላ ባክቴሪያ ሌላ በር መክፈት ብቻ ይሆናል። አንዳንድ ጊዜ ሁለቱ አብረው ሲገኙ፤ መግሉን የሚያወጣው በንጹሕ መሣሪያ የሚሠራ ሐኪም ነው።

ሕመምተኛው ሲጠየቅ «እኔ ምንም ቍስል የለኝም» ይላል፤ እውነትም ባቱንና ቅልጥሙን ቢመለከቱት ምንም አይገኝም። ነገር ግን የእግሩን ጣቶች አንድ ባንድ ከፍተው ቢያዩ፤ በተለይም በትንሹ ጣትና በጎረቤቱ መካከል፤ ነጭ ሆኖ የራሰና የተሰነጠቀ ቆዳ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ይህ በርጥብ ጫማ ውስጥ ከሚያድገው የእግር ፈንገስ የሚመጣ ነው። ሰው ሲያሳክከው ያካዋል፤ ካልሆነም ይንቀዋል፤ ባክቴሪያው ግን የሚገባው በዚያ ነው። በሩ በጣቶች መካከል ሆኖ ሳለ ሕመሙ በባት ላይ ስለሚታይ፤ ሰዎች ሁለቱን አያገናኙአቸውም። ሌሎቹም በሮች የተሰነጠቀ ተረከዝ፤ የሾህ ጭረት፤ አክከው ያቈሰሉት የነፍሳት ንክሻ፤ ቶሎ ያልዳነ አሮጌ ቍስልና ጫማ የላጠው ቦታ ናቸው።

ሕመሙ እንዴት እንደሚታወቅ እንናገር። ምልክቶቹ አራት ናቸው፤ እነርሱም መቅላት፤ መሞቅ፤ ማበጥና መታመም ናቸው። ብዙውን ጊዜም የሚይዘው አንዱን እግር ብቻ ነው። ነገር ግን ስለ መቅላቱ አንድ ነገር እናስታውቃለን። በብዙ የሕክምና መጻሕፍት ላይ ያለው ሥዕል የነጭ ሰው እግር ስለ ሆነ፤ ቅላቱ እንደ በርበሬ የደመቀ ሆኖ ይታያል። በጠቈረ ገላ ላይ ግን ቅላቱ እንዲህ ላይደምቅ ይችላል፤ ከጎኑ ካለው ቆዳ ጠቈር ያለ፤ ወደ ቡናማ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ቀለም የሚያደላ፤ የተወጠረና የሚያብለጨልጭ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ በዓይን ብቻ የሚፈርድ ሰው ሊሳሳት ይችላል። የእጅን ጀርባ በታመመው እግር ላይ፤ ቀጥሎም በጤነኛው እግር በዚያው ስፍራ ላይ ማድረግ ነው፤ ሙቀቱ የሚለይ እንደ ሆነ እጅ ወዲያው ያውቀዋል። ቆዳውን በጣት ቀስ ብሎ ሲነኩት ሕመሙ የሚያበቃበትም ወሰን አለ።

አንዳንድ ጊዜ ሕመሙ በእግር ላይ ሳይታይ አስቀድሞ ብርድ ብርድ ማለትና መንቀጥቀጥ ይመጣል። በብሽሽት ውስጥም ንፍፊት ያብጣል። ንፍፊት ማለት ከእግር የሚመጣውን ፈሳሽ የሚያጣራ ዕጢ ነው፤ ማበጡም ባክቴሪያውን እየተዋጋ እንደ ሆነ ያሳያል። ከቅላቱ ስፍራ ተነሥቶ ወደ ጭን የሚወጣ እንደ ክር የቀጠነ ቀይ መሥመር የታየ እንደ ሆነ ደግሞ፤ ሕመሙ ፈሳሹ የሚሄድበትን ቧንቧ ይዞ ወደ ላይ በመጓዝ ላይ ነውና በዚያው ቀን በሐኪም መታየት አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንደርሳለን። እግር የቀላበትን ሰው ያገኘ ሁሉ፤ ከማናቸውም ነገር በፊት እስክሪብቶ አንሥቶ የቅላቱን፤ ቅላቱም በደንብ የማይለይ እንደ ሆነ የሙቀቱንና የሕመሙን ወሰን በቆዳው ላይ ዙሪያውን ያሥምር። በመሥመሩም አጠገብ ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፍ። በጽሕፈት ሥራ የኖረ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፤ ቀንና ሰዓት የሌለው ጽሑፍ ምስክርነቱ ደካማ ነው። «ትላንት ትንሽ ነበረ፤ ዛሬ ሰፋ መሰለኝ» የሚለው ቃል ለሐኪሙ ብዙ አይረዳውም፤ «ከጧቱ በ1 ሰዓት እዚህ ነበረ፤ ከቀኑ በ7 ሰዓት አራት ጣት አለፈ» የሚለው ግን ሐኪሙ ሊሠራበት የሚችል ቃል ነው። ይህ መሥመር የሕመሙን ፍጥነት የሚለካ ነው፤ የዚህም ሕመም አደገኛነት ከስፋቱ ይልቅ በፍጥነቱ ይታወቃል።

ነገሩ በግልጽ እንዲገባ አንድ ምሳሌ እንስጥ። በክረምት ወራት ለሥራ ወደ አውራጃ ሄዶ ሦስት ቀን በርጥብ ጫማ የዋለ የ55 ዓመት ሰው አለ እንበል። እሑድ ማታ ወደ ቤቱ ተመልሶ በምድጃ አጠገብ ተቀምጦ ሳለ በድንገት ብርድ ያንቀጠቅጠው ጀመር። ቤተ ሰቡም ጕንፋን ነው ብለው ትኩስ ነገር አጠጥተው አስተኙት። ሰኞ ጧት ከእንቅልፉ ሲነሣ ግራ እግሩ ከቍርጭምጭሚቱ በላይ በቅልጥሙ ላይ የመዳፍ ያህል ቀልቶ፤ ሞቆ፤ ሲነኩትም የሚያም ሆኖ ተገኘ። ባለቤቱ በ1 ሰዓት ወሰኑን አሠመረችና ሰዓቱን ጻፈችበት። ትኩሳቱን በቴርሞሜትር ብትለካ 38 ነጥብ 4 ሆነ። የእጁን ትርታ ብትቈጥር በደቂቃ 92 ነበረ። ልቡናው የተስተካከለ ነው፤ የጠጣው ውሃ አልተመለሰበትም፤ ሽንቱም እንደ ወትሮው ነው። ቆዳው ከመቅላቱ በቀር አልጠቈረም፤ ውሃም አልቋጠረም።

ይህ ሰው ዕለቱን መታየት ያለበት ነው። ሌሊት በር የሚያስከፍት አይደለም፤ እስከ ማግሥቱም የሚቆይ አይደለም። ስለዚህ በ4 ሰዓት ጤና ጣቢያ ደረሰ። ሐኪሙም ሁለቱን እግሮች ጐን ለጐን አድርጎ አየ፤ ትርታውንና የደሙን ግፊት ለካ፤ የስኳር ሕመም እንዳለበትና እንደሌለበት ደሙን መረመረ፤ ከዚህ በፊት ፔኒሲሊን ወይም ሌላ መድኃኒት አሳክኮት ወይም ፊቱን አሳብጦት እንደ ሆነ ጠየቀው፤ ጣቶቹንም ከፍቶ በሩን አገኘ። ክሎክሳሲሊን የተባለውን በአፍ የሚዋጥ መድኃኒት ለ5 ቀን አዘዘለት፤ ለጣቶቹም የፈንገስ ቅባት ጨመረለት። በሁለተኛውም ቀን ተመልሶ እንዲታይ፤ ነገሩ የከፋ እንደ ሆነ ግን ቀጠሮውን ሳይጠብቅ እንዲመጣ ነገረው።

ሰኞ ማታ በ2 ሰዓት ቅላቱ የጧቱን መሥመር በሁለት ጣት አልፎ ተገኘ። ቤተ ሰቡ መድኃኒቱ አልሠራም ብለው ደነገጡ። ነገር ግን ትኩሳቱ ወደ 37 ነጥብ 8 ወርዷል፤ ሕመሙም ቀለል ብሎታል፤ እራቱንም በልቷል። መድኃኒት በተጀመረ በመጀመሪያው አንድ ወይም ሁለት ቀን፤ ባክቴሪያው እየሞተ ሳለ እንኳ፤ ቅላቱ ጥቂት ሊሰፋ ይችላል። ስለዚህ ባለቤቱ ሁለተኛ መሥመር በሰዓቱ አሠመረችና ጠበቀች። ማክሰኞ ማታ ቅላቱ ከሁለተኛው መሥመር አላለፈም። ረቡዕ ሐኪሙ ሲያየው ቅላቱ ወደ ውስጥ ሸሽቷል፤ ተወጥሮ የነበረውም ቆዳ እብጠቱ ስለ ቀነሰ መጨማደድ ጀምሯል። መድኃኒቱን በ5ኛው ቀን ጨረሰ። ከዚያም በኋላ ቆዳው ጥቂት ጠቍሮና እየተላጠ ሰነበተ፤ ይህም የመዳን ምልክት ነው እንጂ የመመለስ ምልክት አይደለም።

አሁን ይህንኑ ምሳሌ በሌላ ፊቱ እንመልከተው። ሰኞ ማታ በዚያው በ2 ሰዓት ቅላቱ መሥመሩን በሁለት ጣት ሳይሆን በሙሉ ስንዝር አልፎታል እንበል። ሰውየው ብርድ ልብስ እግሩን ሲነካው ይጮኻል፤ ሕመሙም ቅላቱ ከሚታይበት ስፍራ አልፎ እስከ ጕልበቱ ደርሷል። በቅልጥሙ ላይ ያለው ቆዳ እንደ አመድና እንደ ወይን ጠጅ ሆኖ ደፍርሷል። ትርታው 124 ሆኗል፤ ትንፋሹም ፈጥኗል። ልጁን በስሙ ለመጥራት ተቸግሯል። ይህ ሰው መድኃኒት ጀምሯል፤ ለረቡዕም ቀጠሮ አለው፤ ነገር ግን ሁለቱም ለመቆየት ምክንያት አይሆኑትም። በዚያው ሌሊት የቀዶ ጥገና ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል መወሰድ ያለበት ነው።

ሁለቱ ሰዎች በጧት አንድ ሆነው ሳለ በማታ የተለያዩበትን ምክንያት ማወቅ ይገባል። በመጀመሪያው ሰው ሕመሙ በቆዳውና ከቆዳው በታች ባለው ስብ ውስጥ ቀርቷል። በሁለተኛው ግን ወደ ጥልቅ ወርዶ ጡንቻን በሸፈነው ስስ ሽፋን ላይ እየተንሸራተተ ሄዷል። በዚያ ሥፍራ የሚያግደው ነገር ጥቂት ስለ ሆነ ፈጥኖ ይሮጣል፤ ወደ ቆዳ የሚወጡትንም የደም ሥሮች ይዘጋል። ደም ያጣ ሥጋ ይሞታል፤ በደም የሚሄደውም መድኃኒት ወደ ሞተው ሥጋ ሊደርስ አይችልም። የሞተውን ቆርጦ ከማውጣት በቀር በመድኃኒት ብቻ የማይድነው ስለዚህ ነው። ይህ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም፤ በመጣ ጊዜ ግን የሚቈጠረው በቀን ሳይሆን በሰዓት ነው። አታላይነቱም በመጀመሪያ ላይ ቆዳው እምብዛም ሳይከፋ ሥጋው በውስጥ እየሞተ መሆኑ ነው። ስለዚህ የሚታየው ጥቂት ሆኖ ሕመሙ እጅግ የበዛ እንደ ሆነ፤ ሕመምተኛውን ጨኸታም ነው ብሎ መናቅ አይገባም፤ እውነቱን የሚናገረው እርሱ ነው።

እንግዲህ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል የሚያስኬዱትን ምልክቶች በሦስት ክፍል እናስቀምጣለን።

አንደኛው ክፍል በእግሩ ላይ የሚታየው ነው። ቅላቱ በጥቂት ሰዓት ውስጥ መሥመሩን እጅግ አልፎ የሄደ እንደ ሆነ፤ ሕመሙ ከሚታየው ነገር የበለጠ እንደ ሆነ፤ ቆዳው ወደ ወይን ጠጅ፤ ወደ አመድ ወይም ወደ ጥቍር የተለወጠ እንደ ሆነ፤ ውሃ ወይም ደም የቋጠረ እንደ ሆነ፤ አሞት የነበረው ስፍራ በድንገት ደንዝዞ አልሰማ ያለ እንደ ሆነ፤ በጣትም ሲጫኑት ከቆዳው በታች የሚንኰሻኰሽ ነገር የተሰማ እንደ ሆነ ነው። ከእነዚህ መካከል ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመደንዘዙ ነው። ሕመሙ ጠፋለት ብለው ይደሰታሉ፤ ነገር ግን የሞቱት የስሜት ጅማቶች ሊሆኑ ይችላሉ። በመዳን ጊዜ ሕመም ከሙቀቱና ከእብጠቱ ጋር ቀስ እያለ ይቀንሳል እንጂ፤ ቆዳው እየጠቈረ ሕመሙ በአንድ ጊዜ አይጠፋም።

ሁለተኛው ክፍል በመላው ሰውነት ላይ የሚታየው ነው። ባክቴሪያው ወይም መርዙ ወደ ደም የገባ እንደ ሆነ እግሩ ብቻ ሳይሆን ሰውየው በሙሉ ይታመማል። የሚያንቀጠቅጥ ብርድ እየተመላለሰ ይመጣል፤ ተቀምጦ ያረፈ ሰው ትርታው በደቂቃ ከ100 በላይ ይሆናል፤ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ሲቆም ያዞረዋል፤ ላቡ ቀዝቃዛ ይሆናል፤ ሽንቱ ያንሳል፤ ይቃዣል ወይም ለማንቃት ያስቸግራል። የዋጠውን መድኃኒት የሚያስመልሰውም ከዚሁ ይቈጠራል፤ መድኃኒቱ በሆዱ የማይቆይ ሰው በደም ሥር መሰጠት አለበትና። በዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምራለን፤ በሽማግሌዎች ላይ ትኩሳት ላይታይ ይችላል። ሰማንያ ዓመት የሆናቸው አባት ወይም እናት እግራቸው ቀልቶ ትኩሳት የላቸውም ተብሎ መተው አይገባም፤ እንደ ወትሮው መናገር ካቃታቸው ወይም ምግብ እንቢ ካሉ ያው እንደ ትኩሳት ይቈጠራል።

ሦስተኛው ክፍል ሕመምተኛው ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ነው። የስኳር ሕመም ያለበት፤ ኤች አይ ቪ በደሙ የሚገኝበት፤ ጕበቱ የታመመ፤ የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ፤ ሕፃን፤ ነፍሰ ጡርና እጅግ ያረጀ ሰው ምልክቱ ትንሽ ቢሆንም በዚያው ዕለት መታየት አለባቸው። የስኳር ሕመምተኛ እግር በተለይ ብዙ ጊዜ ስሜቱ የደነዘዘ ስለ ሆነ፤ ሕመሙ ሳይሰማው ቍስሉ አጥንት ይደርሳል። ቅላቱ በጕልበት ወይም በቍርጭምጭሚት ላይ ሆኖ መገጣጠሚያውን ማጠፍና መዘርጋት የከለከለ እንደ ሆነም፤ መግሉ በመገጣጠሚያው ውስጥ ሊሆን ይችላልና ዕለቱን መታየት ይገባል። ውሻ ወይም ሌላ እንስሳ የነከሰው እግር ቢቀላም እንዲሁ ነው፤ በውሻ የተነከሰው ግን ስለ እብድ ውሻ በሽታ ጭምር ሐኪም ማየት ስላለበት፤ ቍስሉን ወዲያው በብዙ ውሃና በሳሙና አጥቦ መቅላቱን ሳይጠብቅ መሄድ አለበት።

ሴሉላይቲስን የሚመስሉ ሌሎች ሕመሞችም አሉ። ሁለቱም እግሮች በአንድ ጊዜ እኵል የቀሉና ያበጡ እንደ ሆነ፤ ብዙውን ጊዜ ነገሩ ከደም ሥሮች ድካም ወይም ከልብና ከኵላሊት የሚመጣ ውሃ እንጂ ሴሉላይቲስ አይደለም። ሐኪም ማየት አለበት፤ መድኃኒቱ ግን ሌላ ነው። ከሁሉም የሚያሠጋው ግን በባት ውስጥ ደም ሲረጋ ነው። ረጅም ጕዞ ተቀምጦ የሄደ፤ ብዙ ቀን በአልጋ የተኛ፤ ቀዶ ጥገና ያደረገ ሰው ወይም አራስ ሴት አንድ ባቷ ቢያብጥና ቢያማት፤ ቅላቱ ጥቂት፤ ትኩሳቱም እምብዛም ቢሆን፤ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። ይህ ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ የሄደ እንደ ሆነ በድንገት ይገድላልና በዚያው ዕለት መመርመር አለበት፤ ትንፋሽ ያጠረው ወይም ደረቱን የወጋው ግን በዚያችው ሰዓት መሄድ አለበት። በውጭ ተመልክቶ ይህን ከሴሉላይቲስ መለየት ለሐኪምም ስለሚያስቸግር፤ የቤት ሰው «ይህ ያ አይደለም» ብሎ ሊፈርድ አይገባውም።

በዚህ ምክንያት እግርን ማሸት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። የረጋ ደም ቢሆን ማሸት ሊነቅለው ይችላል፤ ሴሉላይቲስም ቢሆን የታመመውን ሥጋ ያደቅቀዋል። መብጣት፤ ዋግምት፤ ቅጠል፤ ቅቤና እበት ማድረግም እንዲሁ ይጎዳል፤ በተለይም እበትና አፈር የመንጋጋ ቈልፍን በሽታ ሊያመጡ ይችላሉ። በጎረቤት ቤት የተረፈ መድኃኒት ጥቂት ፍሬ ወስዶ መዋጥ ደግሞ ሕመሙን ሳያድን ምልክቱን ብቻ ያደበዝዛል። ለሕመሙ ፓራሲታሞል እንደ ማዘዣው መውሰድ ይቻላል፤ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የተባሉት ግን ሕመሙንና እብጠቱን በመሸፈን የጥልቁን ሕመም ምልክት ሊደብቁ ስለሚችሉ፤ ሐኪም ሳይፈቅድ ባይወሰዱ ይሻላል።

ሐኪም ዘንድ እስኪደርሱ በቤት ሊደረግ የሚገባው ጥቂት ነው። ሕመምተኛውን በጀርባው አስተኝቶ እግሩን በትራስ ላይ ከልቡ ከፍታ በላይ ማድረግ ነው፤ ያን ጊዜ ፈሳሹ ወደ ታች መውረዱን ትቶ ስለሚመለስ እብጠቱ ይቀንሳል። ጠባብ ጫማ፤ አልቦና ካልሲ የማይወልቁ ሳይሆኑ አስቀድሞ ማውለቅ ይገባል። ውሃ ማጠጣት፤ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ከነመያዣቸው ይዞ መሄድ፤ የተሠመረውንም መሥመር ሳያጥቡ ለሐኪሙ ማሳየት ነው። ወደ ሆስፒታል የሚሄደውን ሰው ብቻውን መስደድ አይገባም፤ መንገድ ላይ ልቡናው ሊታወክ ይችላልና ቀኑንና ሰዓቱን የሚናገርለት ሰው አብሮት ይሂድ።

ይህ ሕመም አንድ ጊዜ የያዘውን እግር ተመልሶ መያዝ ይወዳል። ምክንያቱም ሕመሙ ፈሳሽ የሚሄድባቸውን ቧንቧዎች ስለሚጎዳ እግሩ ጥቂት እብጠት ይቀረዋል፤ እብጠት ያለበት እግርም ባክቴሪያውን መከላከል ይሳነዋል። ስለዚህ ደጋግሞ የሚይዘው ሰው ዝቅተኛ ፔኒሲሊን ለብዙ ወራት እንዲወስድ ሐኪም ሊያዝለት ይችላል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2013 ዓመት የታተመ አንድ የእንግሊዝና የአየርላንድ ሐኪሞች ጥናት፤ ለ12 ወር ይህን መድኃኒት በወሰዱት ላይ የሕመሙ መመለስ በዚያ ጊዜ ውስጥ በግማሽ ያህል እንደ ቀነሰ አሳይቷል፤ መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ ግን ጥቅሙ እየሳሳ ሄዷል። በሩ ካልተዘጋ መድኃኒት ብቻውን ጠባቂ አይሆንም ማለት ነው።

በአገራችን ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚታየው የዝሆኔ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ዘንድ ነው። በደጋና በወይና ደጋ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው ለብዙ ዓመት የሚሄዱ ሰዎች የአፈሩ ደቃቅ ብናኝ በእግራቸው ቆዳ ውስጥ እየገባ የፈሳሹን ቧንቧ ይጎዳዋል፤ እግሩም ያብጣል። በዚህ ባበጠ እግር ላይ መቅላቱ፤ ትኩሳቱና ንፍፊቱ በዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ እየተመላለሰ ሰውን ከእርሻውና ከገበያው ያስተኛዋል፤ እያንዳንዱም ጊዜ እብጠቱን ይጨምርበታል። በምሥራቅ ጎጃም ተደርጎ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2018 ዓመት የታተመ ምርመራ፤ እግርን በየቀኑ በሳሙናና በውሃ ማጠብ፤ ቆዳውን በቅባት ማለስለስ፤ በፋሻ ማሰር፤ እግርን ማንቀሳቀስ፤ ካልሲና ጫማም ማድረግ የዚህን ሕመም መመላለስ እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

ዝሆኔ ለሌለበትም ሰው ጥበቃው ከዚህ የራቀ አይደለም። ማታ ጫማ ሲወልቅ እግርን ታጥቦ፤ በጣቶች መካከል ያለውን አንድ ባንድ በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ ነው። በዚያ ስፍራ የነጣና የተሰነጠቀ ቆዳ የተገኘ እንደ ሆነ የፈንገስ ቅባት ሐኪሙ ወይም መድኃኒት ቤቱ እስካዘዘው ቀን ድረስ ሳያቋርጡ መቀባት ይገባል፤ ማሳከኩ ስለ ቆመ መተው ስንጥቁን ይመልሰዋል። ርጥብ ጫማ ሳይደርቅ ደግሞ አለማድረግ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

በያንዳንዱም ቤት አንድ ቴርሞሜትር፤ አንድ እስክሪብቶና ሰከንድ የሚቈጥር ሰዓት በአንድ መሳቢያ ቢቀመጡ መልካም ነው። እግር የቀላ ቀን እነዚህን አውጥቶ ወሰኑን ማሥመር፤ ትኩሳቱን መለካት፤ ትርታውን አንድ ሙሉ ደቂቃ መቍጠር፤ ከዚያም ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ነው። መሥመሩን ምን ያህል ፈጥኖ አለፈው? ሕመሙ ከሚታየው ይበልጣልን? ሰውየውስ እንደ ወትሮው ነውን? ሦስቱም መልስ መልካም የሆነ እንደ ሆነ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ፤ ከሦስቱ አንዱ እንኳ የከፋ እንደ ሆነ ግን ሰዓቱ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው።